«በአዲስ አበባ አልተጠናም» ያላችሁት ክፍተት ሲወድቅባችሁ

ችግሩ

ስድስት ኪሎ ላይብረሪ ወራት ተቀምጣችሁ የፒኤችዲ ፕሮፖዛል ጻፋችሁ። «ይህ ጉዳይ በአዲስ አበባ አልተጠናም» አላችሁ። አማካሪያችሁ አነበቡና «ታዲያ ምን ይሁን?» አሉ። ይባስ ብሎም፣ ስለዚያው ጉዳይ የተሠራ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ አውጥተው ሰጧችሁ።

ምክንያቱ

ቦታ ብቻውን ክፍተት አይሆንም። ናይሮቢ ላይ የታወቀውን ፒያሳ ላይ መድገም የሚያዋጣው፣ መልሱ እዚህ ለምን ሊለወጥ እንደሚችል ማሳየት ከቻላችሁ ነው። ሌላው ምክንያት አነባበባችን ነው። አንዱን ጽሑፍ እናጠቃልልና ወደ ቀጣዩ እናልፋለን። ጎን ለጎን ካልተቀመጡ ደግሞ ሁሉም የዘለሉት ነገር አይታይም።

መፍትሄው

ከመሀል ከተማ ተነሥተው ኮንዶሚኒየም ስለገቡ ሰዎች ልታጠኑ ነው እንበል። አንዱ «መልሶ ማስፈር» ያለውን ሌላው «መፈናቀል» ይለዋል። ስለዚህ ጎግል ስኮላር ላይ በአንድ ቃል ብቻ አትፈልጉ፦

```
"Addis Ababa" relocation OR resettlement OR displacement
```

ያልታተሙትን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ፣ etd.aau.edu.et ላይ ፈልጉ። አማካሪዎች መዘው የሚያወጡት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

ከዚያ ኤክሴል ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ መስመር ስጡት። ዓምዶቹ፦ ጥያቄው ምንድን ነው፣ ማን ተጠየቀ፣ ከተነሡ ስንት ዓመት በኋላ፣ በምን ዘዴ። ግኝቱን ለጊዜው ተዉት።

እኔ መጀመሪያ የማየው «ማን ተጠየቀ» የሚለውን ነው። 30 መስመር ሞልታችሁ ያን ዓምድ ወደ ታች አንብቡት። «የብሎኩ ነዋሪዎች»፣ «የብሎኩ ነዋሪዎች»፣ «አባወራዎች» እያለ ከሄደ እዚያ ላይ ቁሙ። የተጠየቁት በር ሲንኳኳ የከፈቱት ብቻ ናቸው ማለት ነው። ቤቱን አከራይቶ ወይም ሸጦ የሄደውስ? ምናልባት ኑሮው ከብዶት ነው የወጣው። ምናልባትም በሽያጩ ገንዘብ ሱቅ ከፍቶ ተሳክቶለታል። በሁለቱም መንገድ «የተነሺዎች ኑሮ እንዲህ ሆነ» የሚለው የቀደመ ውጤት ያጋደለ ሊሆን ይችላል። አሁን «ታዲያ ምን ይሁን?» ለሚለው መልስ አላችሁ።

ባዶው ቦታ ለምን ባዶ ሆነ?

ይህን ሳትጠይቁ ፕሮፖዛል አትጻፉ። አንዳንዱ ጥያቄ ያልተነካው ማንም ስላላሰበው ሳይሆን መረጃው ስለማይገኝ ነው። ኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ስለሚከለከል፣ ብዙ ሽያጭ በውክልና ነው የሚያልፈው። መዝገብ ላይ ባለቤቱ አሁንም የድሮው ሰው ነው።

ስለዚህ አንድ ብሎክ ምረጡና የሄዱ 10 ሰዎችን ለሁለት ሳምንት ፈልጉ። የድሮው ሰፈር ዕድር ጥሩ መነሻ ነው። ርቆ ሄዶም መዋጮውን የማያቋርጥ ሰው አለ። የዕድሩን ጸሐፊ የሰዎቹን ስልክ አምጡ አትበሉ፤ የእናንተን ስልክ ለሰዎቹ እንዲሰጡላችሁ ለምኑ። ስድስት ሰባት ሰው ከደወለ ጥናቱ ይሠራል። አንድ ሁለት ብቻ ከሆነ ጥያቄውን ቀይሩት፤ ለምሳሌ በእነሱ ቤት ወደገቡት ተከራዮች አዙሩት። እነሱ በር ይከፍታሉ። «ማን ተጠየቀ» የሚለው ዓምዳችሁ ውስጥ ግን መኖር አለመኖራቸውን መጀመሪያ አረጋግጡ።