የጀርባ አጥንት ጥመት በሁለት ራጅ ላይ ሲለያይ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ችግሩ

ለምሳሌ ከቢቸና የመጣችን አንዲት የ12 ዓመት ልጅ እናንሣ። ደብረ ማርቆስ ላይ በተነሣችው ራጅ የጀርባ አጥንቷ ጥመት 22 ዲግሪ ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ከአምስት ወር በኋላ ባሕር ዳር ሲለካ ግን 29 ሆኖ ተገኘ። የ7 ዲግሪ ልዩነት ጥመቱ በፍጥነት እየባሰ እንደሆነ ስለሚያስመስል ወላጆች ቢደነግጡ አያስገርምም፤ ይሁን እንጂ ከመደምደም በፊት ቁጥሮቹ እንዴት እንደተገኙ መጠየቅ ይገባል።

ምክንያቱ

አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኮብ በ1948 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ዘዴ፣ ከጥመቱ በላይና በታች በኩል ከሁሉም ይበልጥ ያዘነበሉ ሁለት አከርካሪዎች ይመረጣሉ። በላይኛው የላይ ጠርዝ፣ በታችኛው ደግሞ የታች ጠርዝ ላይ መስመር ይሰመርና በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ማዕዘን ይለካል። ብዙውን ጊዜ ቁጥሩን የሚያዛባው የመስመሩ አሳሳል ሳይሆን የአከርካሪው ምርጫ ነው። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ለኪ ከ6ኛው የደረት አከርካሪ ጀምሮ እስከ 12ኛው ለካ፤ ሁለተኛው ግን ይበልጥ ካዘነበለው ከ5ኛው ጀመረ። በዚህ ላይ አንዱ ራጅ ተኝታ፣ ሌላው ቆማ የተነሣ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ከዚህም ሊሰፋ ይችል ነበር፤ ጀርባ ሸክሙ ሲቀልለት ጥመቱ አንሶ ይታያልና።

መፍትሄው

ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አድርጎ፣ በሁለቱም ላይ ያንኑ አከርካሪ ምልክት አድርጎ እንደገና መለካት ነው። የልጅቱ የመጀመሪያ ራጅ ከ5ኛው እስከ 12ኛው ሲለካ 26 ዲግሪ ይሆናል እንበል፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ 3 ብቻ ነው። በጥንቃቄ የተለካም ቢሆን ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ድረስ ሊለያይ ስለሚችል፣ ጥመቱ ጨምሯል ለማለት ከ5 የሚበልጥ ልዩነት ያስፈልጋል።

ሆኖም እዚህ ላይ ጭንቀቱን አቅልሎ ልጅቱን ወደ ቤት መመለስ ትልቅ ጥፋት ይሆናል። ትክክለኛው ቁጥር ከመጀመሪያውም 26 ስለነበረ፣ መባሱ ባይረጋገጥም ሕክምናው ተለውጧል። እድገቱን ያልጨረሰ ልጅ ከ25 ዲግሪ በታች ሲሆን ብዙውን ጊዜ በየ4 እስከ 6 ወሩ እየታየ ይጠበቃል፤ ከ25 እስከ 40 ወይም 45 ባለው መካከል ብሬስ የሚባለው፣ በሰውነት ላይ የሚለበስ ጠንካራ ድጋፍ ይታሰባል፤ ከዚያ ከፍ ሲል፣ በተለይም 50 ሲደርስ፣ ስለ ቀዶ ሕክምና ይመከራል። ከ10 በታች ያለው ግን እንደ ስኮሊዮሲስ፣ ማለትም እንደ ጀርባ አጥንት ጥመት ሕመም፣ አይቆጠርም። ለዚህም ነው ቁጥሩ ብቻውን የማይወስነው፦ የወር አበባዋ ያልጀመረና በራጁ ላይ የዳሌ አጥንቷ ገና እንዳልበሰለ የሚታይ ልጅ በ26 ዲግሪ ብሬስ ሊያስፈልጋት ሲችል፣ እድገቷን የጨረሰች ወጣት በዚያው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ብሬስ አያስፈልጋትም። ብሬሱም ጥመቱ እንዳይባስ ለመግታት እንጂ ለማቃናት የታሰበ አይደለም፤ ይህንም ለማድረግ በቀን ለብዙ ሰዓታት መለበስ አለበት።

ስለዚህ ቀጣዩ ራጅ ቆማ፣ ከአንገት እስከ ዳሌ ሙሉ ጀርባዋ እየታየ መነሣት አለበት፤ በውጤቱ ወረቀት ላይም ከዲግሪው ጋር የትኞቹ ሁለት አከርካሪዎች እንደተለኩ እንዲጻፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።