ፕሌይስቴሽን በጎረቤት ዋይፋይ መሃል፦ 2.4 ወይስ 5 ጊጋኸርዝ?

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ ላይ በኦንላይን ኳስ ስትጫወቱ፣ ቁልፉን ከተጫናችሁ በኋላ ተጫዋቹ ቆይቶ የሚመታ ከሆነ ጥፋቱ የግድ የመስመሩ አይደለም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከራውተሩ እስከ ፕሌይስቴሽኑ ባለው አየር ላይ ነው። ቅንብር ከመነካካታችሁ በፊት ይህን ለዩ።

1. ጥፋቱ የት እንዳለ መለየት

ላፕቶፕ ፕሌይስቴሽኑ አጠገብ አስቀምጡና ከዚያው ዋይፋይ ጋር አገናኙት። ጨዋታው በሚያስቸግርበት ሰዓት በዊንዶውስ `Command Prompt` ላይ ይህን ጻፉ፤ ቁጥሩ የራውተራችሁ አድራሻ ነው፣ የተለየ ከሆነ `ipconfig` ብላችሁ `Default Gateway` የሚለውን ውሰዱ።

```
ping -n 100 192.168.1.1
```

መልሱ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች ሆኖ ከዘለቀ ዋይፋያችሁ ደህና ነው፤ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። አንዴ 3፣ አንዴ 180 እያለ የሚዘል ወይም `Request timed out` የሚል ከሆነ ግን ቀጥሉ። የኔትወርክ ገመድ መዘርጋት የምትችሉ ከሆነ ግን ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አያስፈልጋችሁም።

2. ማሽኑ 5 ጊጋኸርዝ ይይዛል?

ፕሌይስቴሽን 4 ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር እዩ። በ`CUH-1` የሚጀምረው የመጀመሪያው ወፍራም ሞዴል 2.4ን ብቻ ነው የሚያየው፤ ራውተሩን ብትቀይሩም ይህ አይለወጥም። `CUH-2` (ስሊም) እና `CUH-7` (ፕሮ) ሁለቱንም ይይዛሉ፣ ፕሌይስቴሽን 5ም እንዲሁ።

3. የሚይዝ ከሆነ 5ን ምረጡ

ራውተሩ ሁለቱን ባንዶች በአንድ ስም የሚያወጣ ከሆነ ማሽኑ የትኛውን እንደያዘ አታውቁም። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ለ5 ጊጋኸርዙ የተለየ ስም ስጡት፤ ከዚያ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ በ`Settings > Network > Set Up Internet Connection` በኩል በዚያ ስም ግቡ።

5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ሲያልፍ ቶሎ ይደክማል፤ ይሄው ድካም ግን የጎረቤትንም ሞገድ ውጭ ያስቀርላችኋል። በስልካችሁ የዋይፋይ መለኪያ አፕ ከማሽኑ ቦታ ላይ ሆናችሁ እዩ፦ እስከ −67 ዲቢኤም ጥሩ ነው፣ ከ−75 ካለፈ ግን ራውተሩን ማቅረብ ወይም 2.4 ላይ መቆየት ይሻላል። ቻናሉን ከ36 እስከ 48 ወይም፣ ራውተሩ ካሳያችሁ፣ 149 እና ከዚያ በላይ አድርጉ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ብዙዎቹ ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው፤ ራውተሩ ራዳር የሰማ ሲመስለው ቻናሉን ለቅቆ እንዲወጣ ይገደዳል፣ ጨዋታውም መሃል ላይ ይቋረጣል።

4. 2.4 ላይ ለመቆየት ከተገደዳችሁ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቻናሎቹ እስከ 13 ቢቆጠሩም አንዱ ሌላውን ሳይነካ የሚቀመጡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። የላፕቶፑን የዋይፋይ ዝርዝር አንዴ ክፈቱና (ያለዚያ ሁሉንም ላያሳይ ይችላል) እንዲህ ጻፉ፦

```
netsh wlan show networks mode=bssid
```

ውጤቱ ይህን ቢመስል እንበል፦ ቻናል 1 ላይ ሁለት ጎረቤቶች በ82% እና በ74%፣ ቻናል 6 ላይ አንድ በ88%፣ ቻናል 11 ላይ ሦስት በ28%፣ በ22% እና በ18%። ቻናል 3 ባዶ ነውና ያጓጓል። ግን አትንኩት። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች እርስ በርስ ስለሚሰማሙ ተራ ይጠብቃሉ። 3 ላይ ስትቀመጡ ግን የ1ም የ6ም ጫፍ ይደርስባችኋል፤ ንግግራቸው ለእናንተ ጫጫታ ብቻ ስለሚሆን ተራ መያዝ ቀርቶ መልእክቱ ይበላሻል፣ እንደገና ይላካል፣ ፒንጉም ይዘላል። ስለዚህ ምርጫው 11 ነው፤ ሦስት ሩቅ ጎረቤቶች ከግድግዳ ማዶ ካለ አንድ ብርቱ ይሻላሉ። ዝርዝሩ ማን ምን ያህል እንደሚጠቀም ስለማያሳይ፣ 11 ማታ ካስቸገረ 6ን ሞክሩና ሁለቱን በፒንግ አወዳድሩ።

`Channel Width` የሚለውንም ወደ 20 ሜጋኸርዝ አውርዱ። 40 የባንዱን ግማሽ ያህል ይይዛል፣ ጨዋታ ደግሞ የሚልከው ዳታ ጥቂት ነው፤ የሚፈልገው ስፋት ሳይሆን ሳይዘገይ መድረስ ነው።

5. ከጎረቤት በፊት ከቤት

ከማሽኑ ጋር በዩኤስቢ 3 የተያያዘ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጫጫታ ይረጫል። አንቴናውን እንዳይረብሽ በገመዱ ልክ ከማሽኑ አርቁት። ማይክሮዌቭም እየሠራ ሳለ ይህንኑ ባንድ ያውካል፤ ጆይስቲኩም በብሉቱዝ የሚሠራው በዚሁ ላይ ነው።

ስትጨርሱ የመጀመሪያውን ፒንግ በዚያው ሰዓት ድገሙት። መብራት ሄዶ ሲመጣ `Auto` ላይ ያሉት የጎረቤት ራውተሮች አዲስ ቻናል ሊመርጡ ስለሚችሉ፣ ትናንት ደህና የነበረው ጨዋታ ዛሬ ከተበላሸ ከቻናሉ ዝርዝር ጀምሩ።