የትኬት ስም ዝውውር፦ ለደንበኛ ሲከፈት አየር በአየር ነጋዴው እንዳይገባ

ስም የታተመበት ትኬት የሚሸጥ አዘጋጅ፣ «ታምሜያለሁ፣ ለእህቴ ላዙርላት» የሚል ጥያቄ ይዋል ይደር እንጂ ይመጣበታል። ፈጽሞ መከልከል ባዶ ወንበርና የተከፋ ደንበኛ ያተርፋል። ዝም ብሎ መፍቀድ ደግሞ ስም በማሳተም የተዘጋውን የአየር በአየር ንግድ መልሶ ያስገባዋል። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች ዝውውር በተፈቀደ ማግስት የሚታዩ ናቸው። ለምሳሌ እንዲሆነን 2,000 ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ ዋጋው 800 ብር የሆነ ትኬት፣ በአንድ ስልክ ቁጥርም ቢበዛ 4 ትኬት የሚሸጥበት ኮንሰርት እንውሰድ።

ችግር፦ ትኬቱ ወዲያው ያልቃል፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት የስም ለውጥ ይጎርፋል

መዝገቡን ስትከፍቱ የሚታየው ነገር አንድ ዓይነት ነው። አንድ ስልክ 4 ትኬት ገዝቶ አራቱንም ለአራት የማይተዋወቁ ሰዎች አዙሯል፤ ከተቀበሉት አንዱም መልሶ ለሌላ አዙሯል።

ምክንያቱ «ስም ቀይር» የሚለው አንድ ቁልፍ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን መያዙ ነው፦ የፊደል ስህተት ማረም፣ አብሮ ለሚመጣ ሰው ትኬቱን ማስያዝ፣ መምጣት ያልቻለ ሰው ትኬቱን መተው። ነጋዴው የሚፈልገው ሦስተኛውን ነው፤ የሚገባው ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት በኩል ነው።

መፍትሄው ሦስቱን መለያየት ነው። እርማት ነጻ ይሁን፣ ግን ሰውየውን አይቀይር። ማስያዝ ለእያንዳንዱ ትኬት አንድ ጊዜ ብቻ ይፈቀድ፤ ተቀባዩ ለሌላ ማዞር አይችልም። ገዢው ከአራቱ ሦስቱን ብቻ ያዛውራል፣ አራተኛው በስሙ ይቀራል፣ እንግዶቹም የሚገቡት እሱ መታወቂያውን አሳይቶ ሲገባ ነው። እሱ መምጣት ካልቻለ አራቱም ትኬቶች ለአዘጋጁ ይመለሳሉና በዋናው ዋጋ ለሌላ ይሸጣሉ። እንዲህ ሲሆን ነጋዴው በአንድ ስልክ ሦስት ትኬት ብቻ ይሸጣል፣ ለዚያውም እያንዳንዱን ገዢ በር ላይ ቆሞ ማስገባት አለበት። 50 ስልክ ይዞ የሚሠራ ሰው በ50 ስም መታወቂያ ማሳየት አይችልም።

በሕግ ደረጃ ይህን መንገድ የሄደችው ጣሊያን ናት። ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ5,000 ሰው በላይ በሚይዙ ቦታዎች የኮንሰርት ትኬት ስም እንዲታተምበት ስታዝ፣ የስም ለውጡም ሆነ በዋናው ዋጋ መልሶ መሸጡ በራሱ በትኬት ሻጩ በኩል እንዲፈጸም አድርጋለች።

ችግር፦ «የፊደል እርማት» ተብሎ ሌላ ሰው ገባ፤ እውነተኛው ባለቤት ደግሞ ተከለከለ

ይህ በአማርኛ ስሞች ላይ ከሌላው ይልቅ የሚከብድ ነው። ብዙ ሥርዓቶች «እስከ ሁለት ፊደል ልዩነት ይታረም» የሚል ደንብ ከላቲን ፊደል ወስደው ይሠራሉ። በላቲን ስምንት ፊደል ካለው ስም ሁለቱን መቀየር ትንሽ ነው። በፊደላችን ግን ብዙ ስሞች ሦስት ፊደል ብቻ ናቸው። አበበ አበራ የሚሆነው በአንድ ፊደል ነው፣ አበራ ደግሞ በሁለት ፊደል ተፈራ ይሆናል። ደንቡ ሁለቱንም ለውጦች ያሳልፋል፤ አበበ የገዛውን ትኬት ይዞ ተፈራ ይገባል። በተቃራኒው «ኃይሉ» ብሎ የገዛው ሰው መታወቂያው «ሀይሉ» ስለሚል ይመለሳል።

መፍትሄው ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ፣ ከማወዳደር በፊት ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጉ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ በሰባቱም ቅርጻቸው። የሀ እና የሃ፣ የአ እና የኣ ልዩነትም ይጥፋ። ይህ እንደ እርማት እንኳ መቆጠር የለበትም። ሁለተኛ፣ ተነባቢው ሳይለወጥ አናባቢው ብቻ ከተለየ፣ ለምሳሌ ሙሉጌታና ሙልጌታ፣ ሥርዓቱ አንድ ጊዜ ራሱ ይለፈው። ሦስተኛ፣ ተነባቢ ከተቀየረ የመታወቂያ ፎቶ ተልኮ ሰው ይየው። በሦስቱም ደረጃ ማወዳደሪያው መጨረሻ የተመዘገበው ስም ሳይሆን ሲገዛ የተጻፈው ስም ይሁን፤ ያለዚያ በትንንሽ እርማት ሰንሰለት ሌላ ሰው ላይ ይደረሳል።

ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር «የመጨረሻው ስም አንድ ከሆነ ያው ሰው ነው» ብሎ ሊያሳልፍ እንደሚችልም ተጠንቀቁ። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ ወንድምና እህት ሁሉ ይጋሩታል። መለየት ያለበት የራስ ስም ነው።

ችግር፦ በተመለሰ ትኬት ላይ ሁልጊዜ አንድ ወገን ይቀድማል

ትኬቱ ሲመለስ ወዲያው ለሽያጭ ከወጣ፣ ነጋዴው ገዢውን በስልክ ይዞ «አሁን መልሻለሁ፣ ቶሎ ግዛ» ይላል። 800 ብሩ በሥርዓቱ ያልፋል፣ ትርፉ ከጀርባ ይከፈላል። በመዝገብ ላይ የሚለየው በመመለሱና በመገዛቱ መካከል ያለው ጊዜ በሰከንድ ሲቆጠር፣ እንዲሁም እነዚያው ስልኮች ሲደጋገሙ ነው።

ስለዚህ የተመለሰ ትኬት በቀጥታ አይውጣ። ሲጠራቀም ቆይቶ አስቀድሞ በማይነገር ሰዓት በየጥቅሉ፣ ከተጠባባቂዎች ዝርዝር በዕጣ ለወጣለት ሰው ይቅረብ፤ ለመክፈልም 2 ሰዓት ይሰጠው። ገንዘቡ ለመላሹ የሚገባው ትኬቱ ከተሸጠ በኋላ፣ መጀመሪያ በከፈለበት የቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ካልተሸጠ ትኬቱ በመላሹ ስም ይቆያል፤ ይህ አስቀድሞ በግልጽ ይነገረው።

ችግር፦ በአንድ ትኬት ሁለት ሰው በር ላይ ቆመ

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው፣ ላኪው ከሁለት ስልክ በአንድ ቅጽበት ለሁለት ሰው ማዛወሩ ነው። «የማን ነው?» ብሎ ማየትና ባለቤቱን መቀየር በሁለት ትእዛዝ ከተሠሩ፣ ሁለቱም ጥያቄዎች የቀድሞውን ባለቤት አይተው ያልፋሉ። ማጣሪያውና ለውጡ በአንድ ትእዛዝ ይሁኑ፦

```sql
UPDATE tickets
SET holder_id = :new_holder,
    version = version + 1,
    transfers = transfers + 1
WHERE id = :id
  AND holder_id = :old_holder
  AND transfers = 0
  AND status = 'active';
```

የተቀየረው ረድፍ 1 ከሆነ ዝውውሩ ተፈጽሟል፤ 0 ከሆነ ቆሟል፣ ለተቀባዩም ምንም አይላክለት።

ሁለተኛው ምክንያት የቀድሞው ኪውአር ኮድ ፎቶ ነው። ዝውውር ሲፈጸም አዲስ ኮድ መውጣቱ አይበቃም፤ አሮጌው መሞት አለበት። ኮዱ የትኬቱን ቁጥርና `version` ይያዝ፣ እንዳይነካካም በሰርቨሩ ቁልፍ ይፈረም። የበሩ ስካነር ከመዝገቡ ያነሰ `version` ሲያይ ይመልሰው። ሕዝብ ሲሰበሰብ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ስካነሮቹ ዝርዝሩን አስቀድመው ያውርዱ፤ ዝውውርም ዝርዝሩ ከመውረዱ በፊት ይዘጋ። በር ከመከፈቱ 6 ሰዓት በፊት ዝውውሩን ዘግቶ፣ 3 ሰዓት ሲቀረው ማውረድ በቂ ነው። በሮቹ እርስ በርስ መነጋገር ካልቻሉ እያንዳንዱ ትኬት በአንድ በር ብቻ ይመደብ፤ አለዚያ አንዱ ኮድ በሁለት በር ይገባል።

ችግር፦ ዝውውሩ ቀነሰ፣ ግን አካውንት ከነሚስጥር ቁጥሩ ይሸጣል

በሩ ሲጠብ ነጋዴው ወደዚህ ይዞራል። ኮዱ እንዲታይ ወደ ገዢው ስልክ የማረጋገጫ ቁጥር መላክ፣ ከዝግጅቱ በፊት ባሉት 48 ሰዓታት አዲስ ስልክ ላይ የገባ አካውንትንም በር ላይ መታወቂያ መጠየቅ ብዙውን ያስቆመዋል። እንግዶች ይዞ ከሚገባው ገዢ ሌላ የሁሉንም ሰው መታወቂያ መፈተሽ ሰልፉን ይገድለዋል። እንዲህ ምልክት የተደረገባቸውን ብቻ ወደ ጎን ጠረጴዛ ላኩ፤ እዚያ የሚቀመጠው ሰው የሐኪም ወረቀትና የሐዘን ጉዳይ አይቶ የመወሰን ሥልጣን ይኑረው፣ የወሰነውንም በስሙ ይመዝግብ።