የዴስኩን እግር እራሳችን እንበይድ ወይስ እንግዛ? ሂሳቡ እንዲህ ይሠራል

አዳማ ውስጥ የተማሪ ዴስክ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። እንጨቱንም ብረቱንም እዚያው ግቢ ነው የሚሠራው። ሰሞኑን አንድ የብረታ ብረት ቤት «እግሩን እኔ ላቅርብልህ፣ በርህ ድረስ አምጥቼ በ1,450 ብር» አለው። የሱ ደብተር ደግሞ አንዱ እግር 1,550 ይፈጅብሃል ይላል። በወር 200 ስለሚሠራ 20,000 ብር አተርፋለሁ ብሎ ሊፈርም ነበር። ቆይ፣ መጀመሪያ ያ 1,550 ውስጥ ምን እንዳለ እንየው አልኩት። (ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲመች አጠጋግቻቸዋለሁ።)

መጀመሪያ ዋጋውን ለሁለት ክፈሉት። 1,250ው ለቱቦላሬ፣ ለኤሌክትሮድ፣ ለዲስክ፣ ለቀለምና በፍሬ ለሚከፈላቸው በያጆች ነው። እግር ካልተሠራ ይሄ ብር አይወጣም፣ አያከራክርም። በያጆቻችሁ የወር ደሞዝተኛ ከሆኑ ግን እዚህ አታስገቧቸው፣ ቦታቸው ከቋሚ ወጪው ጋር ነው።

የቀረው 300 ብር ነው የሚያሳስተው። በወር የሚወጣ 60,000 ብር ቋሚ ወጪ ለ200 እግር ተካፍሎ የመጣ ነው። ስለዚህ ወደ 60,000ው ተመለሱና እያንዳንዱን መስመር «ነገ ብየዳውን ብዘጋ ይሄ ብር ከኪሴ መውጣቱን ያቆማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

የብየዳው ኃላፊ ደሞዝ 14,000 ነው፤ ብየዳው ከቆመ ይቆማል። በኪራይ የመጣው የመቁረጫ ማሽን 6,000፣ እሱም ይመለሳል። የግቢው ኪራይ ድርሻ 30,000 ግን የትም አይሄድም፣ አከራዩ ብረት ሠራችሁ አልሠራችሁ ግድ የለውም። የሂሳብ ሠራተኛዋ ደሞዝ ድርሻ 6,000ም እንዳለ ነው። የብየዳ ማሽኑ የእርጅና ተቀናሽ 4,000 ደግሞ ድሮ የተከፈለ ብር ነው፣ ዛሬ ከኪስ የሚወጣ ነገር የለውም። እንግዲህ ከ60,000ው ሊቀር የሚችለው 20,000 ብቻ ነው።

አሁን አወዳድሩ። እራሱ ሲሠራ 250,000 ላይ 20,000 ተጨምሮ 270,000 ብር ይሆናል። ሲገዛ 290,000። አተርፋለሁ ያለው 20,000 ኪሳራ ሆኖ ቁጭ አለ! ከገዛ በኋላም 40,000ው ከደብተሩ አይቀርማ።

ይሄ ግን ቦታው ባዶ ከተቀመጠ ነው። ብየዳው ሲዘጋ የሚለቀቀው ቦታ ሌላ ገንዘብ ካመጣ ሂሳቡ ይገለበጣል። ወዳጄን ጎረቤቱ ያንን ጥግ ለዕቃ ማስቀመጫ በወር 25,000 ሊከራየው ጠይቆታል። እግሩን እየሠራ ከቀጠለ ይህን ብር ያጣዋል፣ ስለዚህ በመሥራቱ በኩል ደምሩት፦ 295,000። አሁን መግዛት በ5,000 ረከሰ። ልብ በሉ፣ የምትደምሩት በእጅ ያለ ጥያቄ ካለ ነው። «ቢከራይ ኖሮ» እያሉ መደመር ራስን ማታለል ነው።

ቀጥሎ ብዛቱን ፈትሹ። አንድ እግር ስትሠሩ ከመግዛት 200 ብር ታተርፋላችሁ (1,450 ሲቀነስ 1,250)። ቦታው ባዶ ከሆነ 20,000ውን ለመሸፈን 100 እግር ይበቃል። ተከራይ ካለ ግን መሸፈን ያለበት 45,000 ነው፣ ያ ደግሞ 225 እግር ይፈልጋል። ነሐሴ ላይ ትምህርት ሊከፈት ሲል ትዕዛዙ 300 ከደረሰ፣ ተከራይ ቢኖርም መሥራቱ ይሻላል። የአንድ ወር ቁጥር ይዞ የዓመት ውል መፈረም የሚያስቆጨው ለዚህ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት አቅራቢውን 1,450ው ቫትን ይጨምራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልጨመረና እናንተም ለቫት ካልተመዘገባችሁ 15 በመቶው የራሳችሁ ወጪ ነው፣ ዋጋው 1,667.50 ይገባል፤ ያኔ ወሬው ሁሉ አለቀ።

«ይቀራል» ያልነው ደሞዝም በማግሥቱ አይቀርም። የብየዳው ኃላፊ አራት ዓመት ሠርቷል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ሰው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ የስንብት ክፍያም አለ። የማስጠንቀቂያው ብቻ 28,000 ብር ነው። ማስጠንቀቂያውን አስቀድሞ ሰጥቶ እስኪያልቅ እግሩን ማሠራት ይቻላል፣ ያኔ ይህ ብር ባዶ አይሄድም።

ወዳጄ ግን ወዲያው ሊዘጋ ነበር ያሰበው። ጎረቤቱን ለስንት ጊዜ ነው የምትከራየው ብሎ ሲጠይቀው ስድስት ወር አለው። 5,000 በስድስት ወር 30,000 ይሆናል። 28,000ው ሲቀነስ 2,000 ብር ቀረ፣ ስንብቱ ገና ሳይነካ።