የፖሊስተር ልብስን እንደ ጥጥ መያዝ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጣም የተለመደው ስህተት ወጥ የፈሰሰበትን የፖሊስተር ሸሚዝ እንደ ጥጥ ልብስ ወዲያው ውኃ ውስጥ መንከር ነው። የጥጥ ክር ሴሉሎስ ስለሆነ ውኃን የሚስቡ ሃይድሮክሲል የሚባሉ ክፍሎች በብዛት አሉት፤ በዚህም ምክንያት ውኃው ክሩ ውስጥ ዘልቆ ይገባና ቅባቱ እንዲለቅ ይረዳል። ፖሊስተር ግን ከኤቲሊን ግላይኮልና ከቴሬፍታሊክ አሲድ የሚሠራ ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ ውኃን አጥብቆ የሚይዝበት ነገር እምብዛም የለውም። በተለመደው አየር ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል እርጥበት ሲይዝ፣ ፖሊስተር የሚይዘው 0.4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ውኃን የሚገፋው ይኸው ባሕርይ ከዘይት ጋር ያስማማዋል።

የበርበሬው ቀይ ቀለም ደግሞ በዘይት እንጂ በውኃ የማይሟሟ በመሆኑ፣ ዘይቱ እስካልወጣ ድረስ እሱም አይወጣም። ስለዚህ ሸሚዙ ሳይርስ ዘይቱን በሶፍት ወረቀት ጫን እያደረጉ መምጠጥ፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ውኃ ሳይጨምሩ በጣት ማሸት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላም ለብ ባለ ውኃ ማለቅለቅ ይገባል። ሸሚዙ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ቀይነቱ ሊደበዝዝ ስለሚችል፣ የቀለሙ መጥፋት ዘይቱ ለመውጣቱ ማረጋገጫ አይደለም፤ ጨርቁ ሲደርቅ ጠቆር ያለ ቦታ ከታየበት ሳሙናውን መድገም ያስፈልጋል። ዘይቱ ሳይለቅ ካውያ ማሳረፍ ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ የክሩ ሰንሰለቶች መላወስ ስለሚጀምሩ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

ሁለተኛው ስህተት በልብሱ ላይ የሚወጡትን ድቡልቡል የክር ጉድፎች በጣት እየጎተቱ መንቀል ነው። ብብትና ወገብ ላይ ጨርቁ ሲታሽ የክሮቹ ጫፎች ይወጡና እርስ በርስ ይጠቀለላሉ። ጥጥ ደካማ ስለሆነ ጉድፉ ከጊዜ በኋላ ተበጥሶ ይረግፋል፤ ጠንካራው ፖሊስተር ግን ሳይበጠስ ጉድፉን ከጨርቁ ጋር እንዳሰረ ይቆያል። በመጎተት አዲስ ክር ይወጣል፣ ከእሱም ሌላ ጉድፍ ይፈጠራል። በስለት ቀስ ብሎ መላጨትና ልብሱን ገልብጦ ማጠብ ይሻላል።

ሦስተኛው ካውያውን በጥጥ ልክ ማጋል ነው። የጥጥ ሰንሰለቶች በሃይድሮጅን ትስስር እጅግ የተያያዙ ስለሆኑ ጥጥ ሳይቀልጥ ያርራል፤ የፖሊስተር ሰንሰለቶች ግን ሙቀት ሲበዛባቸው ይላቀቃሉ፣ ከ250 እስከ 260 ዲግሪ አካባቢም ይቀልጣሉ። ከዚያ በፊትም ይለሰልሳሉ፤ ካውያው ሲጫናቸው ክብ የነበሩት ክሮች ይዳመጣሉ፤ በአንገትጌና በኪስ ጠርዝ ላይ የሚታየው የማይጠፋ ንጣት መሰል ማብረቅረቅ የሚመጣው በዚህ ነው። ካውያው ላይ ሁለት ነጥብ ያለበት ምልክት 150 ዲግሪ ያህል በመሆኑ ከዚያ ማለፍ አይገባም፤ መጀመሪያም ከልብሱ እጥፋት በውስጥ በኩል ሞክሮ ማየት፣ ከዚያም ስስ የጥጥ ጨርቅ ጣል አድርጎበት መተኮስ ያስፈልጋል።