ሾርት ኖታችሁን ከመሸምደዳችሁ በፊት፦ ስህተቱን ከመጽሐፉ ጋር እያስተያዩ መያዝ

ፈተና ሲደርስ ብዙ ተማሪ የሚያነበው መጽሐፉን አይደለም። የራሱን ሾርት ኖት ነው። መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ ኖቱ ግን ታክሲ ውስጥም አልጋ ላይም ይገለጣል። ስለዚህ ኖቱ ላይ አንድ ስህተት ከገባ በየቀኑ ትከልሱታላችሁ ማለት ነው፣ እና ፈተና ላይ መጀመሪያ ወደ አእምሯችሁ የሚመጣው እሱ ይሆናል።

ነገሩን በአየር ላይ ከማውራት አንድ ገጽ እንያዝ። የባዮሎጂ የልብና የደም ዝውውር ምዕራፍ ይሁን። ተማሪ ደብተር ላይ ደጋግሞ የሚገኝ ዓይነት ኖት ይሄ ነው፦

አርተሪ = ኦክስጅን የበዛበት ደም፣ ቬይን = ኦክስጅን የቀነሰበት ደም።
ትራይከስፒድ ቫልቭ በግራ፣ ባይከስፒድ በቀኝ።
ኦክስጅን የቀነሰበት ደም ሰማያዊ ነው።
የግራ ቬንትሪክል ግድግዳ ወፍራም ነው፣ ብዙ ደም ስለሚረጭ።
ልብ በአንድ ምት 70 ሊትር ትረጫለች፣ በደቂቃ 70 ጊዜ ትመታለች።

አምስት መስመር ነው። አምስቱም ላይ ችግር አለ፣ ግን የእያንዳንዱ ችግር መነሻ ይለያያል። የሚያዝበትም መንገድ እንደዚያው።

ምልክት፦ ኖቱን በቃላችሁ ይዛችሁታል፣ ጥያቄው ላይ ግን መልሳችሁ ከመልስ ቁልፉ ጋር አይገጥምም።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ስታሳጥሩ የጣላችሁት ቃል ነው። የመጀመሪያውን መስመር ተመልከቱ። አርተሪ ማለት ደምን ከልብ የሚያወጣ ቧንቧ ነው፣ ቬይን ደግሞ ደምን ወደ ልብ የሚመልስ። ትርጉሙ በአቅጣጫ ነው እንጂ በኦክስጅን አይደለም። እርግጥ አብዛኞቹ አርተሪዎች ኦክስጅን የበዛበት ደም ይይዛሉ። ፐልመናሪ አርተሪ ግን ከቀኝ ቬንትሪክል ወጥቶ ወደ ሳንባ ስለሚሄድ የሚይዘው ኦክስጅን የቀነሰበትን ደም ነው፣ ፐልመናሪ ቬይን ደግሞ ከሳንባ ስለሚመለስ በተቃራኒው። መጽሐፉ ይሄን ጽፎታል። ኖት የሚጽፍ ሰው ግን ቦታ ለመቆጠብ “አብዛኞቹ” የምትለዋን ይጥላል፣ ከዚያ “በስተቀር” የሚለው ዓረፍተ ነገር አብሮ ይሄዳል። ጥያቄ አውጪ ደግሞ የሚወደው ያንኑ የተጣለውን ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ ትንሽ ትዕግስት ብቻ ይፈልጋል። የመጽሐፉን ንዑስ ርዕስ ክፈቱና ገዳቢ ቃላትን ብቻ እየፈለጋችሁ እርሳስ አስምሩባቸው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ከሆነ ሞስት፣ ዩዥዋሊ፣ ኤክሴፕት፣ ኦንሊ፣ አት ረስት የሚሉትን ፈልጉ። ከዚያ ወደ ኖቱ ሄዳችሁ እያንዳንዳቸው አብረው መግባታቸውን እዩ። “ሁሉም” ወይም “=” ብላችሁ የጻፋችሁበት ቦታ ሁሉ ደግሞ በራሱ ተጠርጣሪ ነው። እኩል ምልክት ስታዩ መጽሐፉ በእርግጥ እኩል ነው ብሎ እንደሆነ ጠይቁ። የተስተካከለው መስመር እንዲህ ይሆናል፦ አርተሪ ከልብ ያወጣል፣ ቬይን ወደ ልብ ይመልሳል፤ በፐልመናሪዎቹ የኦክስጅኑ ነገር ይገለበጣል።

ምልክት፦ ቀኝና ግራ ይምታታል፣ ወይም ከምስል የገለበጣችሁት ነገር ከጽሑፉ ጋር ይጋጫል።

የልብ ምስል መጽሐፍ ላይ የሚሳለው ባለቤቱ ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ እንደቆመ ሰው ነው። ስለዚህ የልብ ግራ ገጹ ላይ በእናንተ ቀኝ በኩል ይሆናል። ይሄን ሳያስተውል ምስሉን አይቶ የጻፈ ተማሪ ጠቅላላ ገጹን ይገለብጠዋል። ትራይከስፒድ በትክክል በቀኝ ኤትሪየምና በቀኝ ቬንትሪክል መካከል ነው፣ ባይከስፒድ (ማይትራል የሚባለውም እሱ ነው) በግራ። የቀለሙም ነገር እዚሁ ይገባል። ምስሉ ላይ ሰማያዊ የተቀባው ለመለየት ያህል ነው፣ ደሙ ራሱ ጠቆር ያለ ቀይ ነው እንጂ ሰማያዊ አይደለም።

እዚህ ላይ ኖትን ከምስል ጋር ብቻ ማስተያየት አይረዳም፣ ምክንያቱም ስህተቱ የመጣው ከምስሉ አነባበብ ስለሆነ ሁለተኛም ስታዩት ያው ይመስላችኋል። ኖቱን ከጽሑፉ ጋር አስተያዩት። ከዚያ ባዶ ወረቀት አውጡና የደሙን ጉዞ ከጽሑፉ ብቻ ተነስታችሁ በቀስት ጻፉ፦ ቬና ካቫ፣ ቀኝ ኤትሪየም፣ ትራይከስፒድ፣ ቀኝ ቬንትሪክል፣ ፐልመናሪ አርተሪ፣ ሳንባ፣ ፐልመናሪ ቬይን፣ ግራ ኤትሪየም፣ ባይከስፒድ፣ ግራ ቬንትሪክል፣ አኦርታ። አሁን ቀስቱን በምስሉ ላይ በጣታችሁ ተከተሉት። የሚያደናቅፋችሁ ቦታ ካለ ስህተቱ እዚያ ነው። ከምስሉ ዳር “ግራ” እና “ቀኝ” ብላችሁ በእርሳስ ጻፉበት፣ ነውር የለውም።

ምልክት፦ ነገሩ ትክክል ነው፣ “ስለ” የሚለው ግን ይሸታል።

ይሄኛው በጣም ተንኮለኛ ነው፣ ምክንያቱም በፍጥነት ስታስተያዩ ያልፋል። የግራ ቬንትሪክል ግድግዳ ወፍራም ነው? አዎ፣ መጽሐፉም ይላል። እና ምልክት አድርጋችሁ ታልፋላችሁ። ግን “ብዙ ደም ስለሚረጭ” የሚለው ውሸት ነው። ቀኝና ግራ በደቂቃ የሚረጩት ደም መጠኑ በመሠረቱ እኩል ነው። እኩል ባይሆን ኖሮ ደሙ ወይ ሳንባ ውስጥ ወይ ሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄድ ነበር። ልዩነቱ በግፊቱ ነው፦ ቀኙ ደሙን ቅርብ ወዳለችው ሳንባ በዝቅተኛ ግፊት ይልካል፣ ግራው ግን መላ ሰውነትን ለማዳረስ ከፍ ባለ ግፊት መግፋት አለበት። ስለዚህ ጡንቻው ይወፍራል።

እንዲህ ዓይነቱ ስህተት የሚመጣው ምክንያቱን ከመጽሐፉ ሳይሆን ከራሳችሁ ግምት ስትሞሉት ነው። ክፍል ውስጥ ቲቸር ሲናገር ግማሹን ትሰማላችሁ፣ ግማሹን ጭንቅላታችሁ ይቀጥለዋል። መፍትሄው “ስለ”፣ “ምክንያቱም”፣ “ስለዚህ” ያለበትን መስመር ለሁለት ከፍላችሁ ማረጋገጥ ነው። ነገሩን ለብቻ፣ ምክንያቱን ለብቻ። ነገሩ መጽሐፉ ላይ አለ፣ ምክንያቱ ግን የለም እንበል። ያኔ ምክንያቱን ወይ ሰርዙት ወይ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጉበትና ቲቸርን ጠይቁ። በግምት የሞላችሁትን አትሸምድዱ።

ምልክት፦ ቁጥሩ ልክ ነው፣ መልሱ ግን ከዓለም ውጪ ይወጣል።

መንስኤው መለኪያው ነው። 70 ትክክል ነው፣ ሊትር ግን አይደለም፣ ሚሊ ሊትር ነው። ይሄን ለመያዝ መጽሐፍ እንኳ ከመክፈታችሁ በፊት አባዙት። 70 ሚሊ ሊትር በ70 ምት 4900 ሚሊ ሊትር ይሆናል፣ ወደ 5 ሊትር ገደማ። መጽሐፉ ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ልብ በደቂቃ ወደ 5 ሊትር ትረጫለች ካለ ቁጥሮቻችሁ ተያይዘዋል። በ70 ሊትር ብታሰሉት ግን በደቂቃ 4900 ሊትር ይወጣል፣ ይሄ ደግሞ የውኃ ቦቴ ነው እንጂ ልብ አይደለም። ቁጥር ያለበትን ኖት ሁሉ ቢያንስ ከአንድ ሌላ ቁጥር ጋር አገናኙት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አንዱ መጽሐፍ 70 ምት፣ ሌላው 72፣ ሌላው 75 ቢል ስህተት ፍለጋ አትሂዱ። ጤነኛ አዋቂ ሲያርፍ ከ60 እስከ 100 መካከል ይመታል፣ መጽሐፎቹ የሚሰጡት አማካይ ነው። ለፈተናው የትምህርት ሚኒስቴሩን መማሪያ መጽሐፍ ያዙ። አሮጌውን እትም ከታላቅ ወንድም የወረሳችሁ ከሆነ ደግሞ ሽፋኑን አይታችሁ አሁን ከምትማሩበት ሥርዓተ ትምህርት ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። ከቴሌግራም የወረደ ሃንድአውት ማስተያያ አይሆንም። እሱ ራሱ የሌላ ሰው ሾርት ኖት ሊሆን ይችላል፣ የእናንተንም ስህተት ሊጋራ ይችላል።

ምልክት፦ አስተያይታችሁ ጨረሳችሁ፣ አንድም ስህተት አላገኛችሁም፣ በኋላ ግን ይገኛል።

እዚህ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ኖቱን መጀመሪያ ካነበባችሁ በኋላ መጽሐፉን ስታዩ ዓይናችሁ የሚፈልገው የጻፋችሁትን ነው። ተመሳሳይ ቃል ሲያገኝ “አለ” ብሎ ያልፋል። አርተሪ የሚል አየ፣ ኦክስጅን የሚል አየ፣ በቃ። ዓረፍተ ነገሩ ተቃራኒ ቢሆንም አይታየውም። ሌላው ችግር ደግሞ ጭራሽ ያልጻፋችሁትን ነገር በዚህ መንገድ በፍጹም አታገኙትም፣ ምክንያቱም ኖቱ ላይ የሌለውን ማን ይፈልገዋል?

ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ኖቱን ዝጉ። ከመጽሐፉ አንድ ንዑስ ርዕስ አንብቡና ዋና ዋና ዓረፍተ ነገሮቹን ወደ ጥያቄ ቀይሩ፦ ከቀኝ ቬንትሪክል የሚወጣው ደም ወዴት ይሄዳል? በምን ቧንቧ? ምን ዓይነት ደም ነው? አሁን መጽሐፉን ዝጉና ከኖቱ ብቻ መልሱ። ኖቱ መልስ ከሌለው ጎድሏል ማለት ነው። የተለየ መልስ ከሰጠ ደግሞ መጽሐፉን መልሳችሁ ክፈቱ። የተረጋገጠው መስመር ጎን የመጽሐፉን ገጽ ቁጥር ጻፉ። ገጽ ቁጥር የሌለው መስመር ገና አልተረጋገጠም፣ አይሸመደድም። ይሄን የጻፋችሁ ዕለት ማታ ሳይሆን ቢያንስ በማግስቱ አድርጉት፣ የራሳችሁን ጽሑፍ ትንሽ ስትረሱት ስህተቱ ይታያችኋል። ጓደኛ ካለ ደብተር ተለዋወጡ፣ እሱ የእናንተን ለመከላከል ምንም ምክንያት የለውም።

ምልክት፦ ስህተቱን አርማችኋል፣ ግን አሮጌው ይመለሳል።

በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ትክክሉን ከላይ በትንንሽ ፊደል ካጨቃችሁት በከለሳችሁ ቁጥር ሁለቱንም ታነባላችሁ። የተሳሳተውን እንዳይነበብ አድርጋችሁ አጥፉት። ገጹ በእርማት ከተሞላ ቀዳችሁ እንደገና ጻፉት። ቀድሞ የተሸመደደ ከሆነ ግን ደብተሩን ማስተካከል ብቻውን አይበቃም፣ ስህተቱን በቀጥታ የሚነካ ጥያቄ ያስፈልጋል። “አርተሪ ምንድን ነው?” አይደለም፣ “ኦክስጅን የቀነሰበት ደም የሚይዘው አርተሪ የትኛው ነው?” ይሁን። እሱን ጥያቄ የደብተሩ ጀርባ ላይ ጻፉትና ከጥቂት ቀን በኋላ ኖቱን ሳታዩ መልሱት። ከተሳሳታችሁ እንደገና ከጥቂት ቀን በኋላ።