ብዙ የተጠቀሰ ሁሉ ጥሩ ምንጭ አይደለም፦ የሳይቴሽን ቁጥር ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለመመረቂያ ጽሑፉ ምንጭ የሚያስስ ተማሪ ጉግል ስኮላርን ሲከፍት፣ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ከየጽሑፉ ሥር ባለችው Cited by በምትል መስመር ላይ ነው። 15 የሚለውን ያልፍና 2,000 የሚለውን ይከፍታል። ጊዜ ለጠበበው ሰው ይህ አቋራጭ ያጓጓል። ቁጥሩም ባዶ አይደለም፤ ስንት ሌሎች ሥራዎች ያንን ጽሑፍ በዋቢነት እንዳነሱት ይነግረናል። ለምን እንዳነሱት ግን አይነግረንም። ችግሩ የሚጀምረው ያልነገረንን እንደነገረን ስንቆጥር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጠቀስን እንደ መመስገን መቁጠር

ለዚህ ስህተት ከአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። በ1998 የለንደኑ ሐኪም ዌክፊልድና ባልደረቦቹ ላንሴት በተባለው ስመ ጥር የሕክምና ጆርናል ላይ አንድ አጭር ጥናት አወጡ። የመረመሩት 12 ልጆችን ብቻ ነበር። ጽሑፉ ለኩፍኝ፣ ለጆሮ ደግፍና ለሩቤላ በአንድ ላይ የሚሰጠው ክትባት ከኦቲዝም ጋር ሳይያያዝ አይቀርም የሚል ጥርጣሬ ጫረ። ወላጆች ደነገጡ። በብሪታንያ የሚከተቡ ልጆች ቁጥር አሽቆለቆለ። በ2004 ከጸሐፊዎቹ 10ሩ ያንን ትርጓሜ እንደማይቀበሉ በጽሑፍ አስታወቁ። በ2010 ደግሞ ላንሴት ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ሰረዘው፤ ዌክፊልድም በዚያው ዓመት በብሪታንያ የሐኪምነት ፈቃዱን አጣ።

አሁን ቁጥሩን እንይ። በ2019 የታተመ ጥናት ይህን የዌክፊልድን ጽሑፍ የጠቀሱ 1,153 ሥራዎችን አሰባስቦ፣ እንዴት እንደጠቀሱት አንድ በአንድ መረመረ። 72.7 በመቶዎቹ ያነሱት ለመንቀፍ ወይም ለማስተባበል ነበር። እንግዲህ ከዐውዱ ተነጥሎ ሲታይ ቁጥሩ የታላቅ ሥራ ቁጥር ይመስላል። ከአራት ጠቃሾች ሦስቱ ያህል ግን «ይህ ጽሑፍ ልክ አይደለም» ሊሉ የመጡ ናቸው። ጉግል ስኮላር ሁለቱን አይለይም። ሲነቅፉትም አንድ ይደምራል፣ ሲያሞግሱትም አንድ ይደምራል።

ልዩነቱን ለማወቅ ያለው መንገድ ጠቃሾቹን መክፈት ነው። ብዙ ጊዜም አይፈጅም። Cited by የሚለውን ትጫናላችሁ። ከዚያ Search within citing articles የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጋችሁ፣ የጥናቱን ዋና ጉዳይ የሚገልጽ ቃል ትፈልጋላችሁ። ከሚመጡት አምስት ስድስቱን ክፈቱ። በእያንዳንዱ ውስጥ Ctrl+F ብላችሁ የጸሐፊውን ስም ፈልጉና ስሙ ካለበት ዓረፍተ ነገር በፊትና በኋላ ያለውን አንብቡ።

አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ከሦስቱ አንዱን ነው። አንዱ መግቢያው ላይ ከሌሎች ሰባት ስምንት ስሞች ጋር ተደርድሮ የታለፈ ጥቅስ ነው፤ ይህ ስለ ጥራቱ ምንም አይናገርም። ሁለተኛው ጠቃሹ የጥናቱን ዘዴ ወይም ዳታ ወስዶ የሠራበት ነው፤ ይህኛው ክብደት አለው፤ በተለይ ሌላ ቡድን ሌላ ቦታ ሠርቶ ተመሳሳይ ውጤት ካገኘ። ሦስተኛው «እኛ ስንሞክረው ይህን አላገኘንም» የሚለው ነው። ሦስተኛው ዓይነት ሲበረክት ያንን ምንጭ ለድምዳሜያችሁ መሠረት አታድርጉት። ክርክሩን ለማሳየት ግን ልትጠቅሱት ትችላላችሁ።

የተሰረዘ መሆኑን ሳያጣሩ መጥቀስ

አንድ ጽሑፍ ሲሰረዝ የሳይቴሽን ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ እንዲያውም መጨመሩን ይቀጥላል። በዚያው በ2019ኙ ጥናት ውስጥ የዌክፊልድን ጽሑፍ ከ2010 በኋላ ከጠቀሱት ሥራዎች ከሩብ የሚበልጡት መሰረዙን አላነሱም። ጸሐፊዎቹ ሁሉ ክፉ አስበው አይደለም። ብዙ ሰው ምንጭን የሚወስደው ከሌላ ሰው ዋቢ ዝርዝር ነው፤ ዋናውን ገጽ አይከፍትም።

እኛ ዘንድ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ፔፐር በቴሌግራም ግሩፕና በፍላሽ ይዘዋወራል። ከዓመታት በፊት የወረደ ፒዲኤፍ ላይ በኋላ የመጣው የመሰረዝ ማህተም አይታይበትም። ስለዚህ ፋይሉ በእጃችሁ ቢኖርም የአሳታሚውን ገጽ ክፈቱ። ሌላው መንገድ ሪትራክሽን ዎች የሚባለው ነጻ የመረጃ ቋት ነው፤ retractiondatabase.org ላይ የጽሑፉን ርዕስ ወይም የጸሐፊውን ስም አስገብታችሁ መፈለግ ትችላላችሁ። ድምዳሜያችሁ የቆመባቸውን አምስት ወይም ስድስት ዋና ምንጮች እንኳ እንዲህ ብታጣሩ ትልቅ ነገር ነው።

የጆርናሉን ኢምፓክት ፋክተር ለጽሑፉ መስጠት

«ኢምፓክት ፋክተሩ ከፍ ካለ ጆርናል ላይ ነው የወጣው፤ ስለዚህ ጥናቱ ጥሩ ነው።» ይህን ከተማሪም ከመምህርም እንሰማለን። ኢምፓክት ፋክተር ግን የጆርናሉ አማካይ እንጂ የአንድ ጽሑፍ ውጤት አይደለም። ስሌቱ ቀላል ነው። የ2009ን ለማግኘት፣ ጆርናሉ በ2007ና በ2008 ያወጣቸው ጽሑፎች በ2009 ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ይደመራል። ድምሩ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ለወጡት ጽሑፎች ብዛት ይካፈላል።

አማካይ ደግሞ በአንድ ግዙፍ ቁጥር ይጎተታል። እስከ የት ሊጎተት እንደሚችል አክታ ክሪስታሎግራፊካ ኤ በተባለው ጆርናል ላይ ታይቷል። የጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር በ2008 2.051 ነበር። በ2009 ድንገት 49.926 ሆነ። ኔቸርና ሳይንስ የተባሉትን ሁለቱን ስመ ጥር ጆርናሎች በለጠ። በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ተፈጠረ?

የተፈጠረው አንድ ጽሑፍ ነው። የጀርመኑ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ጆርጅ ሼልድሪክ በ2008 ሼልኤክስ ስለሚባለው ኮምፒውተር ፕሮግራሙ ታሪክ ጻፈ። ፕሮግራሙ የክሪስታሎችን ውስጣዊ አወቃቀር ለማስላት በዓለም ዙሪያ ያገለግላል። ጽሑፉ ፕሮግራሙን የተጠቀመ ሁሉ ይህንኑ ሊጠቅስ እንደሚችል ይናገራል። ተመራማሪዎች እንደተባሉት ጠቀሱት፤ በሺዎች። በዚያው ጆርናል በዚያው ጊዜ የወጡት ሌሎች ጽሑፎች ግን እንደወትሮው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር የሚጠቀሱት።

የሁለት ዓመቱ መስኮት ጨዋታውን ግልጽ ያደርገዋል። የ2008ቱ ጽሑፍ በ2009 ስሌት ውስጥ አለ፣ በ2010ም አለ። በ2011 ከመስኮቱ ይወጣል። የጆርናሉ ቁጥርም በ2011 ወደ 2.076 ተመለሰ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የአርታዒዎቹ ጥንቃቄ 24 እጥፍ አላደገም፤ መልሶም አልወደቀም። በ2009 «49.926 ያለው ጆርናል ላይ አወጣሁ» ሊል የሚችል ሌላ ጸሐፊ ሥራው ሦስት ጊዜ ብቻ ተጠቅሶ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሌላ ነገርም ይገኛል። የዘዴና የመሣሪያ ጽሑፎች ከሌሎች ይልቅ በጣም ይጠቀሳሉ፤ ምክንያቱም የተጠቀመባቸው ሁሉ ስማቸውን ይጠራል። ከሁሉ በላይ ከተጠቀሱት ሥራዎች አንዱ በ1951 የወጣው፣ የፕሮቲን መጠን እንዴት እንደሚለካ የሚያስረዳው የኦሊቨር ላውሪና የባልደረቦቹ ጽሑፍ ነው። ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ይህ ጠቃሚነቱን በደንብ ያሳያል። አዲስ ግኝት ካቀረበ ጥናት ጋር በቁጥር ማወዳደር ግን ትርጉም የለውም።

ኢምፓክት ፋክተርን የመረጃ ሳይንስ ሊቁ ዩጂን ጋርፊልድ የጀመረው ጆርናሎችን ለመምረጥ ነው። ለዚያ ይረዳል። በአንድ ሙያ ውስጥ ሰው የሚያነባቸው ጆርናሎች የትኞቹ እንደሆኑ በግርድፉ ያሳያል። የአንድን ጽሑፍ ናሙና፣ ዘዴና ስሌት ግን የምትመረምሩት ራሳችሁ ናችሁ። የዌክፊልድም ጽሑፍ የወጣው ከፍተኛ ኢምፓክት ፋክተር ባለው ጆርናል ላይ መሆኑን አትርሱ።

ዌብሳይት ላይ የተለጠፈን ቁጥር ማመን

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ገንዘብ ተቀብለው ያለ በቂ ግምገማ የሚያትሙ ጆርናሎች አሉ። ዕድገት የሚጠብቁ መምህራን ኢሜይል በእነሱ ግብዣ የተሞላ ነው። ገጻቸው ላይ ብዙ ጊዜ Global Impact Factor ወይም Universal Impact Factor የሚል ቁጥር ይለጥፋሉ። እነዚህ ከዋናው ኢምፓክት ፋክተር ጋር አይገናኙም። ዋናውን የሚያወጣው ክላሪቬት የተባለው ኩባንያ ነው። ጆርናሉ በክላሪቬት መመዝገቡን በነጻ mjl.clarivate.com ላይ ማየት ይቻላል። በስም ብቻ ሳይሆን የጆርናሉ መለያ በሆነው በአይኤስኤስኤን ቁጥሩ ፈልጉ፤ የታወቀ ጆርናል ስም አስመስለው የሚሠሩ አሉና።

ትንሽ ቁጥርን እንደ ድክመት ማየት

ይህ ስህተት በተለይ ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፉ ሰዎችን ይጎዳል። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ የተባሉት የሳይቴሽን የመረጃ ቋቶች በብዛት የሚመዘግቡት በእንግሊዝኛ የሚወጡ ጆርናሎችን ነው። በአማርኛ በታተመ መጽሐፍ ውስጥ የተጠቀሰ ሥራ እዚያ አይደመርም። የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ደግሞ ዋና ሥራቸውን የሚያወጡት በመጽሐፍ ነው። ስለ ግዕዝ ብራና የሚጽፉ ሰዎች ቁጥር ስለ ስኳር በሽታ ከሚጽፉት ጋር አይወዳደርም፤ ጠቃሹም ያንኑ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ቁጥርን ከቁጥር ስታወዳድሩ በአንድ ጉዳይ ላይ፣ በተቀራራቢ ዓመታት የወጡትን አወዳድሩ። ብዙ ሰው በሚጽፍበት ጉዳይ ላይ ወጥቶ 15 ዓመት ሙሉ ማንም ያላነሳው ጽሑፍ ከሆነ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ባለፈው ዓመት ለወጣ ጽሑፍ ግን ጥያቄው ገና ነው።

በዚህ ላይ የስማችን ጉዳይ ይጨመራል። የውጭዎቹ የመረጃ ቋቶች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዱታል። ለእኛ ግን የአባት ስም ነው። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት በ1972 ኦክስፎርድ ያሳተሙት፣ ከ1270 እስከ 1527 ስለነበረው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የሚተርከው መጽሐፍ የዘመኑን ታሪክ ያጠና ሁሉ የሚያውቀው ነው። ጠቃሾቹ ግን ገሚሶቹ Taddesse Tamrat፣ ገሚሶቹ Tadesse Tamrat፣ ገሚሶቹ Tamrat, T. ብለው ይጽፉታል። ኮምፒውተሩ እነዚህን እንደ ተለያዩ ሥራዎች ሲቆጥራቸው ጥቅሱ ይበታተናል። በተቃራኒው ደግሞ Abebe, T. የሚለው አጻጻፍ ታደሰ አበበንም፣ ተስፋዬ አበበንም፣ ትዕግሥት አበበንም ሊይዝ ይችላል። የሦስት ሰው ሥራ በአንድ ስም ሥር ሊከማች ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ቁጥር አንሶ ስታገኙት፣ ከመተዋችሁ በፊት ስሙን በሁለቱም ቅደም ተከተል ፈልጉ። አጻጻፉንም ቀያይሩ፤ አንድ d እና ሁለት d ሞክሩ። የመጽሐፉን ርዕስ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁም ፈልጉ፤ ስሙ ቢዛባ እንኳ ርዕሱ ብዙ ጊዜ ያው ነው። ከዚያ ጠቃሾቹ እነማን እንደሆኑ ተመልከቱ። ስምንት ጊዜ ብቻ የተጠቀሰ ሥራ ሆኖ፣ ስምንቱም በዚያ ጉዳይ ላይ ለዓመታት የሠሩ ሰዎች ከሆኑና መረጃውን ከተጠቀሙበት፣ በልበ ሙሉነት ከፍታችሁ አንብቡት።